14ቱ ቀን ከየት ይቆጠራል?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2018 ጀርመን አገር አንድ ደንበኛ ፓርሺፕ በተባለ የፍቅር አጋር ማፈላለጊያ ድረ ገጽ ላይ የ12 ወር የፕሪሚየም አባልነት ገዙ። ዋጋው 523 ዩሮ ከ95 ሳንቲም ነበር። በአራተኛው ቀን ሐሳባቸውን ቀየሩና ውሉን መሻራቸውን ለድርጅቱ አሳወቁ። ድርጅቱ «መሻር አይችሉም» አላለም። ነገር ግን በነዚያ አራት ቀናት ላገኙት አገልግሎት ብሎ 392 ዩሮ ከ96 ሳንቲም ጠየቃቸው። የዓመቱ ዋጋ ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው፤ ለአራት ቀን!

ክርክሩ ከሃምቡርግ ፍርድ ቤት ተነሥቶ ሉክሰምበርግ የሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ዘንድ ደረሰ፤ ብይኑም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2020 ተሰጠ። ወደ ብይኑ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን የጉዳዩን መነሻ ማየት ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ወይም በስልክ የገዛነውን ነገር ያለ ምክንያት የመመለስ መብት አለን ሲባል፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልባቸውን የደንበኝነት ውሎች ይጨምራል ወይ? አውሮፓ ውስጥ መልሱ «አዎ፣ ይጨምራል» ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው መብቱ ስለሌለው ሳይሆን ቀኑን ከተሳሳተ ቦታ ስለሚቆጥር ነው።

መብቱን የሰጠው የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መብት መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በአባል አገሮቹ ሁሉ በሥራ ላይ የዋለው ከጁን 2014 ጀምሮ ነው። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሳይገናኙ በኢንተርኔት፣ በስልክ ወይም በፖስታ የተዋዋሉትን ውል ገዢው በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ መሻር ይችላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሱቅ የገባ ሰው ጫማውን ለክቶ፣ ጨርቁን ዳስሶ፣ አስቦበት ይገዛል። በስልክ የተደወለለት ሰው ግን ምግብ እያበሰለ ወይም ባቡር እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ያላየውን ነገር፣ ባላሰበበት ሰዓት፣ ቃላት በሚያሳምር ሰው ግፊት ይገዛል። 14ቱ ቀን ሱቅ ውስጥ ሊያገኘው ይችል የነበረውን የማሰቢያ ጊዜ የሚመልስለት ነው።

በዚሁ ምክንያት መብቱ ሱቅ ድረስ ሄደው ለፈረሙት ውል አይሠራም። ይህን ብዙዎች ያለፉበት ስሕተት ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። ስልክ መሸጫ ሱቅ ገብተው የሁለት ዓመት የሞባይል ውል የፈረሙ፣ ስፖርት ቤት ሄደው ጠረጴዛው ላይ አባልነት የሞሉ ሰዎች «14 ቀን አለኝ» ብለው በልበ ሙሉነት ይመለሳሉ። የላቸውም። ሱቁ በራሱ ፈቃድ ካልተቀበላቸው በቀር ውሉ እንደጸና ነው። ያንኑ ውል ቤታቸው ሆነው በድርጅቱ ድረ ገጽ ቢገቡበት ኖሮ 14 ቀን ነበራቸው።

አሁን ወደ አቆጣጠሩ እንምጣ። ጫማ በኢንተርኔት ያዘዘ ሰው 14 ቀኑ የሚቆጠርለት ጫማው እጁ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። በየወሩ ቡና ወይም የሕፃን ዳይፐር በካርቶን የሚያስልክ ውል ከሆነ ደግሞ ቆጠራው የሚጀምረው የመጀመሪያው ካርቶን ሲደርስ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ካርቶን እንደገና አይጀምርም። የቋንቋ ትምህርት፣ የኢንተርኔት መስመር፣ የሞባይል መስመር፣ የአጋር ማፈላለጊያ አባልነትን የመሰለ አገልግሎት ከሆነ ግን የሚጠበቅ ዕቃ የለም። ቆጠራው ውሉ ከተፈጸመበት ቀን፣ ማለትም የማዘዣውን ቁልፍ ከተጫኑበት ቀን ይነሣል። ጀርመን ውስጥ ያ ቁልፍ "zahlungspflichtig bestellen" ወይም ይህንኑ በማያሻማ ሁኔታ የሚናገር ጽሑፍ ሊኖረው ግድ ነው፤ «ክፍያ የሚያስከትል ትእዛዝ» እንደማለት ነው። ቁልፉ ገንዘብ እንደሚያስከፍል ካልተናገረ ሸማቹ በውሉ አይታሰርም።

እዚህ ላይ የፓርሺፑ ደንበኛ ታሪክ ይገባል። አገልግሎት ስንገዛ ብዙውን ጊዜ «14ቱ ቀን እስኪያልፍ ሳልጠብቅ አሁኑኑ ይጀመርልኝ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት እናደርጋለን። ምልክቱ መብታችንን አያጠፋም፤ ነገር ግን ውሉን ብንሽር እስከዚያ ቀን ለተጠቀምንበት የመክፈል ግዴታ ያመጣል። የተጣሉት «የተጠቀምንበት» በምን ይለካል በሚለው ነው። ድርጅቱ ለአንድ ዓመት አባል የተወሰነ ቁጥር ያለው ግንኙነት ዋስትና ይሰጥ ስለነበር፣ በአራቱ ቀን ውስጥ ደንበኛው ያገኙትን ግንኙነት ቆጥሮ ነው ወደ 393 ዩሮ የደረሰው። ፍርድ ቤቱ ይህን ስሌት አልተቀበለም። በመርሕ ደረጃ የሚከፈለው በውሉ ጠቅላላ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ላለፈው ጊዜ የሚደርሰው ድርሻ ነው አለ። ልዩ የሚሆነው ውሉ ራሱ «ይህኛው አገልግሎት ከመነሻው ተሟልቶ ይሰጣል፣ ዋጋውም ለብቻው ይህን ያህል ነው» ብሎ በግልጽ ካስቀመጠ ብቻ ነው። የፓርሺፑ ውል እንዲህ ያለ የተለየ ዋጋ አልነበረውም።

እስቲ እናስላው። 523 ዩሮ ከ95 ሳንቲም ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 1 ዩሮ ከ44 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። አራት ቀን 6 ዩሮ እንኳ አይሞላም። ከ393 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ግልጽ ነው፤ አንድ ድርጅት ለጥቂት ቀን ብዙ መቶ ዩሮ ሲጠይቅ መጀመሪያ መደረግ ያለበትም ይኸው ማካፈል ነው። ድርጅቱ ስለ መሻር መብታችን ሳይነግረን ከቀረ፣ ወይም «አሁኑኑ ይጀመር» ብለን ሳንጠይቅ አገልግሎቱን ከጀመረ ደግሞ ያቺም ትንሽ ድርሻ አትከፈልም።

በመጫን ብቻ መብቱ የሚጠፋበት ሁኔታም አለ። የሚወርድ መጽሐፍ፣ ፊልም ወይም ሙዚቃ ሲሆን ድርጅቱ «አሁኑኑ ይከፈትልኝ፣ በዚህም የመሻር መብቴን እንደማጣ አውቃለሁ» የሚል ስምምነት ካስሞላና ይህንንም በኢሜይል ካረጋገጠ፣ ፋይሉ መውረድ ሲጀምር 14ቱ ቀን ያበቃል። በደመና ላይ ፋይል ማስቀመጥን ለመሰለ ቀጣይ አገልግሎት ግን መብቱ ይኖራል፤ የተጠቀሙበትን ያህል ከፍሎ መውጣት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሳጥን ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል። «ይጀመርልኝ» የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «መብቴን አጣለሁ» የሚለው ሌላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚጎዳው ግን በነፃ ሙከራ ነው። አንድ ወር ነፃ፣ ከዚያ ካላቋረጡ ክፍያ ይጀምራል የሚለውን ዓይነት ማለቴ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያስበው «ገንዘቡ ከባንኬ ሲወጣ ያኔ 14 ቀን ይኖረኛል» ብሎ ነው። አስተሳሰቡ ክፋት የለውም፤ ውሉ እውነተኛ የሚመስለው ገንዘብ ሲወጣ ነውና። የኦስትሪያ የሸማቾች ማኅበርም ይህንኑ ይዞ ሶፋቱቶር ከተባለ የበርሊን የኢንተርኔት አስጠኚ ድርጅት ጋር ተከራክሯል። ድርጅቱ ተማሪዎችን ለ30 ቀን በነፃ ያስተምርና ውሉ ካልተቋረጠ ወደሚከፈልበት ይሸጋገር ነበር። የማኅበሩ አቋም፣ ሸማቹ ወደ ክፍያው ሲሸጋገርም ሆነ ውሉ ሲታደስ አዲስ የ14 ቀን መብት ሊያገኝ ይገባል የሚል ነበር።

የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2023 የወሰነው መብቱ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ነው። ቆጠራው የሚነሣው ነፃ ሙከራውን ከተቀበሉበት ቀን ነው፤ ሙከራው ወደ ክፍያ ሲለወጥም ሆነ ውሉ በራሱ ሲታደስ አዲስ 14 ቀን አይወለድም። ፍርድ ቤቱ ግን አንድ ትልቅ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ሸማቹ ሙከራውን ሲቀበል፣ ከነፃው ጊዜ በኋላ ክፍያ እንዳለ በግልጽ፣ በሚገባ ቋንቋና ሳይድበሰበስ ተነግሮት መሆን አለበት። ካልተነገረው ወደ ክፍያው በተሸጋገረ ጊዜ አዲስ የመሻር መብት ያገኛል።

ውሳኔውን በተግባር እንየው። ጀርመን የምትኖር አንዲት እናት ለልጇ ሒሳብ ማስጠኛ አፕ አገኘች እንበል። ቅዳሜ ማርች 7 ቀን 2026 የ30 ቀን ነፃ ሙከራውን ተቀበለች፤ ከዚያ በኋላ ዓመታዊ ክፍያው 120 ዩሮ ነው። ውሉ የተፈጸመበት ቀን ራሱ አይቆጠርም፤ አንድ ተብሎ የሚጀመረው እሑድ ማርች 8 ነው። አሥራ አራተኛው ቀን ቅዳሜ ማርች 21 ላይ ይውላል። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ሲውል ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ስለሚተላለፍ እስከ ሰኞ ማርች 23 እኩለ ሌሊት ጊዜ አላት። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ 120 ዩሮው ከባንኳ ሲቀነስ የመሻሪያው ጊዜ ካለቀ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖታል።

ታዲያ ምን ይቀራታል? ሙከራው ሳያልቅ በሙከራው ውል በተሰጣት የማቋረጥ መብት ብትወጣ ምንም አትከፍልም ነበር፤ ስለዚህ በነፃ ሙከራ ጊዜ በስልክ ማስታወሻ ላይ መመዝገብ ያለበት ሙከራው የሚያልቅበት ቀን ነው፣ እሱም ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ተደርጎ። ካለፈባት ደግሞ የምትመረምረው የተመዘገበችበትን ገጽና የመጣላትን የማረጋገጫ ኢሜይል ነው። 120 ዩሮው በግልጽ ተጽፏል? ወይስ «ነፃ» የሚለው ቃል ገጹን ሞልቶት ዋጋው ከታች በደቃቅ ፊደል ተደብቋል? የተደበቀ ከሆነ ክፍያው ከጀመረበት ጀምሮ አዲስ 14 ቀን አለኝ ብላ መከራከር ትችላለች። ስለ መሻር መብቷ ጨርሶ ያልነገሯት ከሆነ ደግሞ ጊዜው በ12 ወር ይራዘማል። ለዚህ ነው ሲመዘገቡ ገጹን በስልክ ፎቶ ማንሣት ዋጋ ያለው፤ ገጹ ከወር በኋላ ሌላ መልክ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

በእኔ አመለካከት ፍርድ ቤቱ ለሸማቹ የተተወውን ሸክም አቅልሎ አይቶታል። ሰው በነፃው ወር ውስጥ ያለ ሥጋት አገልግሎቱን ሊፈትሽ ይችላልና አንዴ ማሰቡ ይበቃዋል የሚለው ክርክር በወረቀት ላይ ያስኬዳል። ነገር ግን ይህ የንግድ ዘዴ የሚተርፈው ሰው በመርሳቱ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ ሌላ መንገድ መርጣለች። ነፃ ወይም የቅናሽ ሙከራ ወደ ሙሉ ክፍያ ሲሸጋገር፣ እንዲሁም ውሉ ለ12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሲታደስ፣ አዲስ 14 ቀን እንዲኖር ደንግጋለች። ትክክለኛው ይህ ይመስለኛል።

በስልክ የሚሸጠው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፍራንክፈርት የምትኖር የማውቃት እህት ከሥራ ወደ ቤት ስትሄድ ተደውሎላት የኢንተርኔት መስመርሽን ርካሽ እናድርግልሽ ተባለች። ጀርመንኛዋ ገና ነው፤ ሰውየው ሲናገር «ያ፣ ያ» እያለች በአክብሮት ሰማችው። በሦስተኛው ቀን «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ደብዳቤ በፖስታ መጣ። ደብዳቤውን ይዛ ስትመጣ አራት ገጽ ነበር፤ የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል «ቪደሩፍስበሌሩንግ» የሚል ርእስ ነበረበት። የመሻር መብት ማስታወቂያ ማለት ነው። እሷ ያን ገጽ አልገለጠችውም ነበር።

ለእንዲህ ያለው ሰው ጀርመን ውስጥ ሁለት በር ክፍት ነው። የመጀመሪያው «ውል የለም» ማለት ነው። ከዲሴምበር 2021 ወዲህ በስልክ የተደረገ የኢንተርኔት ወይም የሞባይል መስመር ውል የሚጸናው፣ ድርጅቱ የውሉን ማጠቃለያ ልኮ ደንበኛው በጽሑፍ፣ ቢያንስ በኢሜይል ወይም በአጭር መልእክት፣ ሲያጸድቀው ነው። በስልክ ላይ «ያ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው በር የ14 ቀኑ ነው። ልምድ ያላቸው አማካሪዎች ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ እንዲጻፉ ይመክራሉ፤ «በእኔ በኩል ውል አልተፈጸመም፤ ተፈጽሟል ከተባለም ለጥንቃቄ ሽሬዋለሁ» ተብሎ። እሷም እንዲሁ ጻፈች፤ ቀኑ ስላላለፈባት ጉዳዩ በዚያው አበቃ።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ስም፣ አድራሻ፣ የደንበኛ ወይም የውል ቁጥር፣ ውሉ የተፈጸመበት ቀን፣ ከዚያም «ይህን ውል ሽሬያለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ምክንያት አይጻፍም፤ ሲጠየቁም የመናገር ግዴታ የለም። በስልክ ደውሎ መሻር ይቻላል፣ ነገር ግን ክርክር ቢነሣ የማስረዳቱ ግዴታ የሸማቹ ስለሆነ ኢሜይል ይሻላል። ኢሜይሉ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ መላኩ በቂ ነው፤ ድርጅቱ በማግስቱ ቢያነበውም ዋጋ አያጣም። ድርጅቱ ከተነገረው ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡን፣ ገንዘቡ በመጣበት መንገድ፣ መመለስ አለበት።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቃሉን መምረጥ የግድ ነው። ጀርመን ውስጥ በብዙ ድረ ገጾች ከጁላይ 2022 ጀምሮ "Verträge hier kündigen" የሚል ቁልፍ አለ። ይህ ውሉን ወደፊት በሚያልቅበት ጊዜ የሚያቋርጥ ቁልፍ ነው። በሦስተኛው ቀን ተጸጽቶ ይህን የሚጫን ሰው «ውልዎ ከሁለት ዓመት በኋላ ይቋረጣል» የሚል ማረጋገጫ ሊደርሰው ይችላል። በ14ቱ ቀን ውስጥ የሚፈለገው ከመነሻው የሚሽረው ነው፤ የኢሜይሉ ርእስም "Widerruf" መሆን አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 19 ቀን 2026 ጀምሮ በኢንተርኔት ለሚፈጸሙ ውሎች የተለየ የመሻሪያ ቁልፍ በገጹ ላይ እንዲኖር አዟል፤ በጀርመንኛ "Vertrag widerrufen" ወይም ይህን የመሰለ ጽሑፍ ይኖረዋል። ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን ሲታዩ መምታታቱ እንዳይብስ እሠጋለሁ።

ይህ ሁሉ የአውሮፓ ነው፤ ዘመድ አሜሪካ ያለው ሰው ሕጉን ይዞ እንዳይሻገር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚታወቅበት የሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ የተሠራው ቤት ድረስ ለሚመጡና ጊዜያዊ ቦታ ላይ ለሚሸጡ ነጋዴዎች ነው። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ለተፈጸመ ግዢ አይሠራም፤ እዚያ ያለው ሰው የሚመለከተው የሻጩን የመመለሻ ደንብና የግዛቱን ሕግ ነው።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ከአውሮፓውም የሰፋ መብት አላቸው። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ነገር በ14 ቀን ውስጥ ይሻራል፤ በየወሩ የሚቀጥል አገልግሎትም አገልግሎቱ ተጀምሮ እንኳ ቢሆን ይካተታል። ሻጩ የሚቆርጠው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሰቅል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ አካል ጉዳት ላለባቸውና አገር ከገቡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ገቢዎች ግን ጊዜው 14 ቀን ሳይሆን አራት ወር ነው። አራት ወሩ የሚሠራው በሻጩና በገዢው መካከል ንግግር ከነበረ ነው፤ በስልክም ሆነ በጽሑፍ መልእክት ሊሆን ይችላል። ማንንም ሳያነጋግሩ በድረ ገጽ ብቻ የገዙት ተራውን 14 ቀን ያገኛሉ። ሻጩ የአዲስ ገቢነት ወይም የዕድሜ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላልና የመታወቂያውን ቅጂ ከደብዳቤው ጋር አያይዞ መላክ ነው።